አንድ ገጽ ለባንክ

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነበር የማወጋችሁ። ዛሬ ግን ወደ ወረቀት ሥራ ልወስዳችሁ ነው። እዚህ ናታንያ ውስጥ ከሰፈራችን ሰዎች ሱቃቸውን፣ መጋገሪያቸውን ወይም የጽዳት ሥራቸውን ለማስፋት ከባንክ መበደር የሚፈልጉ ይበዛሉ። “መምህር፣ ይቺን ዕብራይስጥ እስቲ እይልኝ” እያሉ ረጅም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ቶኽኒት ዒስቂት የሚባለው የንግድ ዕቅድ ነው፤ ሃያም ሠላሳም ገጽ ይሆናል። ከፊቱ ታክጺር መናሃሊም የሚሏት አንድ ገጽ አለች፤ ያንን ሁሉ ገጽ ጨምቃ የምትይዝ ማጠቃለያ ማለት ናት። ዛሬ የማወራው ስለዚህች አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ይህችን ገጽ እንደ ሽፋን ያያታል። ዋናው ነገር ውስጥ አለ፣ እሷ ለወጉ ያህል ናት ይላል። የባንኩ አሠራር ግን እንደዚያ አይደለም። ቅርንጫፍ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያናግራችሁ ባንከር፣ ገንዘቡ ከፍ ያለ ሲሆን ብቻውን የመፍቀድ ሥልጣን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ማመልከቻውን ወደ በላዩ፣ ወደ ብድር ክፍል ያሳልፈዋል። እዚያ ያሉት ሰዎች እናንተን አላዩም፤ እንጀራችሁን አልቀመሱም፤ ሰፈሩ ምን ያህል እንደሚያከብራችሁም አያውቁም። ጠረጴዛቸው ላይ ብዙ ፋይል አለ። መጀመሪያ የሚያነቡት ያችን አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገቡት ገጿ ላይ ያዩት ቁጥር እውነት መሆኑን ለማጣራት ነው። እናንተ በማትገቡበት ክፍል ውስጥ ስለ እናንተ የምትናገረው እሷ ናት እኮ።

ታዲያ የኛ ሰው ሲጽፋት ምን ያደርጋል? እንደ አቤቱታ ይጽፋታል። ከአገር ቤት ጀምሮ ያደግንበት የአጻጻፍ ልማድ ነው፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የት እንደተወለድን፣ ምን ያህል እንደተቸገርን፣ እንዴት ወደ እስራኤል እንደመጣን፣ ልጆች እንዴት እንዳሳደግን፣ ከዚያ በመጨረሻው መስመር ላይ ልመናው ይመጣል። ማንም ሰው እንደ ገባ “ገንዘብ ስጠኝ” አይልም፤ ነውር ነው። በሰው ፊት ይህ ጨዋነት ነው። ባንክ ውስጥ ግን አንባቢው የሚፈልገውን መጨረሻው መስመር ላይ ሳይደርስ ገጹን ይዘጋዋል።

ደግሞ ለነገሩ የራሳችን ባህል ውስጥ መድኃኒቱ አለ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንጽፍ ከሁሉ በፊት “ጉዳዩ፦” ብለን አንድ መስመር እናስቀምጥ የለም? ታክጺር መናሃሊም ማለት ያ “ጉዳዩ” ረዝሞ አንድ ገጽ ሲሆን ነው። አባቴ ቄስ ነበሩና ሰው ለማስታረቅ ሲቀመጡ ባለጉዳዩን “አስቀድመህ የምትፈልገውን ንገረኝ፤ ምክንያቱን ከዚያ ታስረዳኛለህ” ይሉት ነበር። ለባንክም ይኸው ነው።

ነገሩ በምሳሌ ካልሆነ አይገባምና አንድ መጋገሪያ እንውሰድ። ባለቤቷን እህታችን እያልኩ እጠራታለሁ። ይህች እህት አንድ የታወቀች ሰው አይደለችም፤ ከተለያዩ ሰዎች ጉዳይ ሰፍቼ ያበጀኋት ናት፤ ቁጥሮቹም ለማስረጃ የተመረጡ ናቸው። ናታንያ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታቀርባለች። አራት ዓመት ሠርታለች፤ ኦሴክ ሙርሼ ናት፤ የጤና ሚኒስቴር ፈቃድና የካሽሩት ወረቀት አላት። በቀን 500 እንጀራ፣ በወር 25 ቀን ትጋግራለች። ለሱቅ የምታስረክበው አንዱን በ4 ሼቄል ነው፤ ማዓም ሳይጨመር። ሁለት ሱቆች በቀን 200 እንጀራ ተጨማሪ እንወስዳለን ብለው በጽሑፍ ሰጥተዋታል። አሁን ባላት ምጣድ ግን ከ500 በላይ አይወጣም። ስለዚህ ብድር ፈለገች።

የመጀመሪያው ረቂቋ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ “እኔ በ1991 ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእናቴ የእንጀራ ጋገራ የተማርኩ፣ ምርታችን በጥራቱ የታወቀ፣ የኢትዮጵያ ምግብ በእስራኤል ውስጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተወደደ የመጣ ስለሆነ...” እያለ ገጹ ሙሉ ይሄዳል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የብድር ክፍሉ ሰው ይህን አንብቦ ሲጨርስ ስንት እንደተጠየቀ አያውቅም፤ በምን እንደሚመለስለትም አያውቅም። “በጥራቱ የታወቀ” የሚለውን ሁሉም አመልካች ስለሚጽፈው ዓይኑ ዘሎት ያልፋል። “ሁለት ሱቆች በቀን 200 እንጀራ ለመውሰድ ፈርመዋል” የሚለውን ግን መዝለል አይችልም። ጥራቷን የሚመሰክርላት ይኸኛው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህች ገጽ ፊት ትቀመጥ እንጂ የምትጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ሮኤ ሄሽቦኑ ሒሳቡን ሳይጨርስ፣ የማሽኑ ዋጋ በሃጻዓት መሒር ሳይመጣ ማጠቃለያ መጻፍ፣ ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ እንደ መጣድ ነው። ቀድሞ የጻፈ ሰው ገጹ ላይ “250,000” ይላል፤ በኋላ ውስጡ ተስተካክሎ 240,000 ይሆናል፤ ፊተኛውን ማስተካከል ይረሳል። ለኛ ትንሽ ስህተት ነው። ለአንባቢው ግን ባለቤቱ የራሱን ዕቅድ እንዳላነበበው ምልክት ነው። ገጿ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ ማሳየት መቻል አለባችሁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይይዛል፦ ስንት፣ ለምን፣ በስንት ጊዜ። እህታችን የምትጠይቀው 240,000 ሼቄል በ60 ወር የሚከፈል ነው። ጠቅላላ ሥራው 300,000 ይፈጃል፤ 60,000ውን ከራሷ ታወጣለች። 190,000ው ለመጋገሪያ ማሽንና ለማቡኪያ፣ 70,000ው ለማቀዝቀዣ ክፍልና ለሦስት ፋዝ መብራት፣ 40,000ው ለሥራ ማስኬጃ ነው። ደምሩት፤ 300,000 ይመጣል። ይህን ድምር የምነግራችሁ የማይደመሩ ገጾች ስላጋጠሙኝ ነው።

የራስ ገንዘብን ነገር አትደብቁት። “የኔ 60,000 ትንሽ ነው፣ ያሳፍራል” ብሎ ሳይጽፈው የሚተው አለ። ባንኩ በመጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱ የራሱን ገንዘብ አብሮ ማስገባቱን ነው። ከወንድም ወይም ከዕቁብ የተገኘ ከሆነ ግን ከየት እንደመጣ ተጠየቁ ብላችሁ አስቡ። መመለስ ያለበት ብድር ከሆነ የራስ ገንዘብ አይባልም፤ ሌላ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ማዓም ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነውና። እህታችን በወር 12,500 እንጀራ ትሸጣለች። በ4 ሼቄል 50,000 ሼቄል ይሆናል፤ በዓመት 600,000። ነገር ግን ሱቁ የሚከፍላት 4 አይደለም፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ማዓም 18 ከመቶ ነውና 4.72 ይከፍላታል። የባንክ ሒሳቧን አይታ የምትጽፍ ከሆነ በዓመት 708,000 ገባልኝ ትላለች። ውሸት አልተናገረችም፤ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል። ግን 108,000ው የመንግሥት ነው፤ በሷ እጅ በኩል የሚያልፍ ብቻ። ባንኩ ለማዓም የቀረበውን ሪፖርት ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ 600,000 ተጽፎ ያገኛል። ከዚያ በኋላ “ይህች ሴትዮ ሽያጯን አጋነነች” ብሎ ያስባል፤ የቀረውንም ቁጥር በጥርጣሬ ያነበዋል። ስለዚህ ገጿ ላይ “ያለ ማዓም” የሚል ቃል ከሽያጩ ቁጥር ጎን ይጻፍ።

ዋናው ቦታ ክፍያው ነው። ብድሩ ለስሌት ያህል በዓመት 8 ከመቶ ወለድ ቢሆን፣ 240,000 በ60 ወር ሲከፈል በወር 4,870 ሼቄል አካባቢ ይመጣል። ባንኩ የሚሰጣት ወለድ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቁጥሩን መለወጥ ነው። ጥያቄው ይህ 4,870 ከየት ይወጣል የሚል ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ “ሽያጫችን በ40 ከመቶ ያድጋል” ብሎ ያልፋል። ሽያጭ ግን ብድር አይከፍልም፤ ብድር የሚከፍለው የሚተርፈው ነው።

እንግዲህ እንቁጠረው። ለአንድ እንጀራ ጤፍና ሌላው ግብዓት 1.40 ይፈጃል፤ ከ4 ሼቄል ላይ 2.60 ይቀራል። ተጨማሪው 200 እንጀራ በ25 ቀን 5,000 ነው፤ በወር 13,000 ሼቄል ያስቀራል። ከዚህ ላይ በቀን ጥቂት ሰዓት ለምትሠራ ተጨማሪ ሠራተኛና ለመብራት 8,000 ይወጣል። 5,000 ተረፈ። አሁን ባለው ሥራ ደግሞ ኪራዩ፣ ሠራተኛው፣ ግብሩና የቤቷ ወጪ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ በወር 2,000 ይተርፋታል። ሁለቱ ሲደመሩ 7,000 ነው። ክፍያው 4,870። ስለዚህ ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል።

“የቤቷ ወጪ” ያልኩትን ልብ በሉ። ብዙ ዕቅድ ላይ ባለቤቱ ደመወዝ የለውም፤ ሥራው ያተረፈውን ሁሉ ለባንኩ እንደሚሰጥ ተደርጎ ይጻፋል። የብድር ክፍሉ ሰው ግን ቤተሰብ እንደሚበላ ያውቃል። ያንን ያልጻፈለትን ሰው እሱ ራሱ በግምት ይቀንስበታል፤ ግምቱም ሁልጊዜ ከእናንተ እውነት የከፋ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎቻችን በአፋችን መናገር የማንወደው ነገር ነው፦ ባይሳካስ? “ክፉ አትናገር” እንላለን። ባንከሩ ግን ሥራው ክፉውን ማሰብ ነው። እህታችን በቀን ተጨማሪ ስንት እንጀራ ብትሸጥ ነው ክፍያው የሚሸፈነው? ወደ ኋላ ስናሰላው 170 አካባቢ ይመጣል። ሱቆቹ የፈረሙት 200 ነው። ማለት ከአምስት እንጀራ አንዱ ቢቀር፣ ወደ 160 ቢወርድ፣ አይበቃትም። ጠባብ ነው። ይህን ሲያዩ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ ቁጥሩን ይደብቃል፤ ከተጠየቀም “200 እርግጠኛ ነው” ይላል። ሁለተኛው “ከ170 ቢወርድ የምሽት ሠራተኛዋን ሰዓት እቀንሳለሁ፤ በተጨማሪ ለአዳራሾች የማቀርበውን እጨምራለሁ፤ ለዚህም ሦስተኛ ደንበኛ እየተነጋገርኩ ነው” ብሎ ይጽፈዋል። እኔ ባንከር ብሆን ለሁለተኛው ነው የማበድረው፤ የመጀመሪያው ሒሳቡን አላወቀውማ። ደግሞም ጠባብነቱ ካስፈራችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ማሽኑን ትንሽ ርካሽ መግዛት ወይም ዓመቱን ማስረዘም ይቻላል። ማጠቃለያ ሲጻፍ የዕቅዱ ድካም የሚገለጠው እንዲህ ነው።

“ለሥራ ማስኬጃ 40,000” የሚለውንስ? እዚህ ላይ “ለልዩ ልዩ” ብሎ የጻፈ ሰው ገንዘቡን ከማመልከቻው ላይ ያስሰርዛል። የእህታችን ምክንያት ግልጽ ነው። ሱቆቹ የሚከፍሏት ሾቴፍ ፕሉስ 30 ነው፤ ይህም ማለት ግንቦት 1 ያስረከበችው እንጀራ ገንዘቡ የሚመጣው ሰኔ መጨረሻ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይና ጁን ማለቴ ነው። በሁለቱ ወር ውስጥ ለተጨማሪው እንጀራ የጤፍ 14,000፣ የሠራተኛና የመብራት 16,000፣ የብድሩ ሁለት ክፍያ 9,740 ከኪሷ ይወጣል። ደምሩት፤ 39,740። ትርፋማ ሆኖ እያለ ቼኩ የሚመለስበት ሥራ ያለው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። በገጿ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይዘረዘርም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ስለ ቼክ ካነሳን፣ ባንኩ ስለ እናንተ የሚያየው እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ አይደለም። ከ2019 ሚያዝያ ጀምሮ በእስራኤል ባንክ ሥር የብድር መረጃ ሥርዓት አለ፤ የግለሰብ ብድርና የተጓተተ ክፍያ እዚያ ይመዘገባል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሪፖርት በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ማግኘት ይችላል። ገጿን ከመጻፋችሁ በፊት አውጡትና አንብቡት። ከሦስት ዓመት በፊት የተጓተተ ብድር ካለ፣ “በወሊድ ምክንያት ሥራ ባቆምኩበት ጊዜ ሁለት ክፍያ ዘግይቶ ነበር፤ ተዘግቷል” ብላችሁ በአንድ መስመር ራሳችሁ ተናገሩት። እነሱ ሲያገኙት የተደበቀ ነገር ይሆናል። ቼክ በ12 ወር ውስጥ አሥር የተመለሰበት ሒሳብ ደግሞ በሕጉ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ እዚያ የደረሰ ሰው ማጠቃለያ ከመጻፉ በፊት ሌላ የሚያስተካክለው ነገር አለው።

እንግዲህ ሁሉም ሲሰበሰብ የእህታችን ገጽ በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ይመስላል፦

“በናታንያ ለሚገኘው የእንጀራ መጋገሪያዬ 240,000 ሼቄል በ60 ወር የሚከፈል ብድር እጠይቃለሁ። ጠቅላላ ወጪው 300,000 ነው፤ 60,000ውን ከራሴ ቁጠባ አወጣለሁ። ገንዘቡ ለመጋገሪያ ማሽንና ማቡኪያ (190,000)፣ ለማቀዝቀዣ ክፍልና ለመብራት (70,000)፣ ሱቆች እስኪከፍሉ ላለው ሁለት ወር የሥራ ማስኬጃ (40,000) ይውላል።

መጋገሪያው አራት ዓመት ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ያለ ማዓም 600,000 ሼቄል ሸጧል። አሁን በቀን 500 እንጀራ ይጋገራል፤ ከዚህ በላይ ማምረት አይቻልም። ሁለት ነባር ደንበኞች በቀን 200 ተጨማሪ ለመውሰድ በጽሑፍ አረጋግጠዋል፤ ደብዳቤዎቹ ተያይዘዋል።

ተጨማሪው ምርት ወጪው ከተነሳ በኋላ በወር 5,000 ሼቄል ያስተርፋል፤ ነባሩ ሥራ የቤተሰቤ ወጪና ግብር ከተከፈለ በኋላ 2,000 ያስተርፋል። የወር ክፍያው 4,870 አካባቢ ነው። ክፍያው እንዲሸፈን በቀን 170 ተጨማሪ እንጀራ መሸጥ ይበቃል። ከዚያ ቢወርድ የተጨማሪ ሠራተኛ ሰዓት ይቀነሳል፤ ከሦስተኛ ደንበኛ ጋርም ንግግር ተጀምሯል።

ለመያዣ የሚገዛው ማሽን ይመዘገባል። የተመለሰ ቼክ የለብኝም።”

ይኸው ነው። ከጎንደር መምጣቷና ከእናቷ መማሯ የት ሄደ? ውስጥ፣ “ባለቤቷ” በሚለው ክፍል ውስጥ አለ፤ እዚያ ቦታው ነው።

ማሽኑን ብቻ መያዣ አድርጎ ባንኩ ካልተስማማ፣ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የአነስተኛና መካከለኛ ንግዶች ብድር አለ፤ ኬረን በዓርቩት መዲና ይሉታል። መንግሥት ለባንኩ ከፊሉን ስለሚዋስ ከባለቤቱ የሚጠየቀው መያዣ ያንሳል። እዚያም ያው ገጽ ትነበባለች። ገንዘቡ አነስ ያለ ከሆነ ደግሞ በ1990 በኢየሩሳሌም በፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ የተመሠረተውን፣ ከኢትዮጵያና ከሶቪየት ኅብረት ለመጡ ዖሊም ከወለድ ነፃ ብድር በመስጠት የጀመረውን፣ ዛሬ ዖገን የሚባለውን ድርጅት መጠየቅ ይቻላል። አደራ፣ “ብድሩን አስጨርስልሃለሁ” ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ግን ገጻችሁን እንዲጽፍላችሁ አትስጡት። እሱ የሚጽፋትን ገጽ ባንከሩ ሲጠይቃችሁ መመለስ አትችሉም።

ዕብራይስጡን ልጃችሁ ወይም ሌላ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል፤ ቁጥሩን ግን እናንተ በቃል እወቁት። ባንከሩ ወረቀቱን ዘግቶ “እስቲ ንገሪኝ” ይላል። ያኔ ስንት፣ ለምን፣ በምን እንደሚመለስ፣ ባይሳካስ የሚሉትን አራቱን በተሰበረ ዕብራይስጥም ቢሆን መናገር የሚችል ሰው ያሳምናል። ቤት ውስጥ ሥራችሁን ለማያውቅ ጎረቤት ገጿን ስጡት፤ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ውሰዱበትና እነዚያን አራቱን ጠይቁት። የቱን መመለስ እንዳቃተው አይታችሁ ያንን መስመር እንደገና ጻፉት።

በመጨረሻ ቀኑን እዩ። የማሽኑ ሃጻዓት መሒር ላይ የሚጸናበት ቀን ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ዕቅዱ ሦስት ወር ጠረጴዛ ላይ ከቆየ 190,000 የተባለው ዋጋ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ጋ ደውላችሁ አሳድሱትና ዋጋው ከተለወጠ ከውስጥ ጀምሮ እስከ ፊተኛው ገጽ ድረስ ተከትላችሁ አስተካክሉት፤ ከዚያ ፈርማችሁ አስገቡ።